«ሲስተር፣ ሽንት ቤት ውሰጂኝ»

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር። ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፣ 23 ዓመቴ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ነው፣ 37 ሳምንት ሞልቶኛል። የምወልደው ደሴ እናቴ ጋ ሄጄ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከምጡ በላይ የምፈራው ራሴን ነው። ብጮህስ? የሚሉኝን መስማት ቢያቅተኝስ? ደግሞ ምጥ ሌሊት ነው የሚመጣው ይላሉ። በሌሊት ብሄድ የምታገኘኝ አዋላጅ ምን ታደርገኛለች? አንድ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦

ደሴ ነው የምሠራው፣ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ሌሊት ተረኛ ሆኜ ያደርኩበትን ቀን መቁጠር ትቻለሁ። የአንዲትን ልጅ ሌሊት ልንገርሽ። ስሟን ትቼዋለሁ። ካንቺ በአንድ ዓመት ታንሳለች፣ የመጀመሪያዋ ነበር፣ እሷም የፈራችው ራሷን ነው።

ወሩ ኅዳር ነው። የደሴን የኅዳር ሌሊት ታውቂዋለሽ፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ አንድ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። ልጅቷ በጋቢ ተጠቅልላለች፣ እናቷ ይዘዋታል፣ ባሏ ከኋላ ፔርሙዝና ፌስታል አንጠልጥሏል። ደረጃው ላይ ምጡ መጣባት። ግድግዳውን ይዛ ቆመችና ትንፋሿ እንደ ሯጭ ሆነ። ቶሎ ቶሎ፣ ከላይ ከላይ። ሲለቃት የመጀመሪያ ቃሏ «ሲስተር እጄ ደነዘዘ፣ ከንፈሬም። ልሞት ነው አይደል?» የሚል ነበር። ጣቶቿ እንደ ወፍ ጥፍር ኩምትር ብለዋል።

ይሄን የሚያይ ቤተሰብ ይደነግጣል። ልጅቷ ግን እየሞተች አልነበረም። ሰው ሲፈራ ከሚያስፈልገው በላይ ይተነፍሳል። ያኔ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከደሙ ከልክ በላይ ይወጣል፣ እጅና ከንፈር ይነዝራል፣ ጣት ይኮማተራል። መፍትሔው ወደ ውጭ የሚወጣውን ትንፋሽ ማስረዘም ብቻ ነው። «ተረጋጊ» ማለት ግን ምንም አይሠራም። ተረጋጊ ተብሎ የተረጋጋ ሰው እስከዛሬ አላየሁም።

ከፊቷ ቁጭ አልኩና «ትኩስ አጥሚት ስታበርጂ እንዴት ነው እፍ የምትይው? አሳዪኝ» አልኳት። ግራ ገባት፣ ግን አሳየችኝ። አጥሚት የሚያበርድ ሰው አይቸኩልም፣ አፉን ጠበብ አድርጎ በረጅሙ ነው እፍ የሚለው። «በቃ ይሄው ነው። በአፍንጫሽ ሳቢ፣ ከዚያ አጥሚቱን አብርጂ።» ሦስት ምጥ አብሬያት እፍ አልኩ። በሦስተኛው ጣቶቿ ተፈቱ። ይሄን ዛሬ ማታ ቤትሽ ውስጥ ልትለማመጂው ትችያለሽ። ምንም ዕቃ አይፈልግም።

ከዚያ በፊት ግን ሳልፈትሻት የጠየቅኳት ነገር ነበር። ውሃ ፈሷል? ደም አይተሻል? ልጁ ዛሬ ተንቀሳቅሷል? ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ አለ? አንቺም ቤት ሆነሽ ልትይዣቸው የሚገቡት እነዚህ ናቸው። ደም ከመጣ፣ ውሃው ከፈሰሰ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ወይም ራስ ምታቱና ብዥታው ካለ፣ ምጥ ኖረም አልኖረም ሰዓት ሳታዪ ነይ። ምጥ ብቻ ከሆነ ግን በየ5 ደቂቃው እየመጣ፣ አንድ ደቂቃ ያህል እየቆየ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲቀጥል ተነሺ። አንቺ ደግሞ ኮምቦልቻ ነሽ። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ግን ያንን የሐረጎን ዳገት በምጥ፣ በሌሊት፣ በጭጋግ ባትወጪው እመርጣለሁ። ካሁኑ እናትሽ ጋ ብትገቢ ይሻላል።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። የፈራችው ሌላው ነገር ምርመራው ነበር። የማህፀን በር ምን ያህል እንደተከፈተ የምናውቀው በሁለት ጣት ነው። «ሳልነግርሽ አልነካሽም። አቁሚ ካልሽ አቆማለሁ። ምጡ ሲለቅሽ ነው የማየው» አልኳት። አንዴ «አቁሚ» አለችኝና አቆምኩ። በእውነት እንደማቆም ልታይ ፈልጋ ይመስለኛል። ሁለተኛ ሞክሬ ጨረስኩ። 5 ሴንቲ። የልጁን ራስ በጣቴ ነካሁት፣ ሆዷ ላይ ፌቶስኮፑን አድርጌ የልብ ምቱን ቆጠርኩ። በደቂቃ 138። ከ110 እስከ 160 ባለው ውስጥ ከሆነ ደህና ነው። ቁጥሩን ለሷም ነገርኳት። የሴቷን ሆድ አዳምጦ ዝም ብሎ የሚሄድ ባለሙያ ሳያውቀው ያስፈራታል። ዝምታው ክፉ ነገር ይመስላታል።

ከዚያ የግድግዳውን ሰዓት አሳየኋት። በ10 ደቂቃ ውስጥ 3 ምጥ ይመጣባታል፣ እያንዳንዱ 45 ሴኮንድ ገደማ ነው። ስናሰላው ከ10 ደቂቃው ሕመሙ ከ2 ደቂቃ ትንሽ ይበልጣል። ሰባቱ ደቂቃ ከምናምን ዕረፍት ነው። የምትፈራ ሴት ግን ዕረፍቱንም ሕመም ታደርገዋለች። ጡንቻዋን ገትራ፣ ጥርሷን ነክሳ ቀጣዩን ትጠብቃለች። ሁለት ሰዓት እንዲህ ከሆነች በኋላ ለመግፋት አቅም አይኖራትም። ፍርሃቱ ለምጡም አይበጅም። ሰውነት አደጋ የመጣ ሲመስለው አድሬናሊን ይረጫል፣ ያ ደግሞ የማህፀኑን ሥራ ሊያደክመው ይችላል።

ስለዚህ ሥራችንን ተከፋፈልን። ሆዷ ላይ እጄን አስቀምጣለሁ። ሆድ ምጡ ከመሰማቱ ትንሽ ቀድሞ መጠንከር ይጀምራል። «እየመጣ ነው፣ አጥሚቱን ያዢ። ዳገቱ ላይ ነሽ... አናቱ ላይ ደረስሽ... አሁን ቁልቁል ነው።» ሲለቃት ትከሻዋን እነካለሁ፣ ትጥለዋለች። እናቷ ወገቧን በመዳፋቸው ይጫኑላታል፣ ልክ ከመቀመጫ በላይ ያለውን አጥንት። እሳቸውም ሥራ ሲያገኙ መንቀጥቀጣቸው ተወ። ከሷ ይልቅ እሳቸው ነበር የፈሩት፣ ልጅቷም የእናቷን ፊት እያየች ነበር የምትፈራው። «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» ይላሉ፣ በየመሃሉ «ያ ረቢ»፣ በየመሃሉ ደግሞ «ማርያም ድረሽላት»። ሙስሊም ናቸው። ወሎ ስለሆነ ማንም አልገረመውም።

ጩኸቱስ? ጮኸች እንጂ። ጩኸት ችግር የለውም። እኔ የምለው ድምፁን ወደ ታች አውርጂው ነው። ቀጭን፣ ከጉሮሮ የሚወጣ ጩኸት ትከሻንና መንጋጋን ያስጨብጣል። ከሆድ የሚወጣ ወፍራም «እምምም» ግን ራሱ ረጅም ትንፋሽ ነው። እሷም አውርዳው ነበር፣ ለጥቂት ጊዜ።

ሌሊቱ እንደዚህ ሄደ። በየ30 ደቂቃው የልጁን ልብ እሰማለሁ፣ የምጡን ሂደት የምንከታተልበት ወረቀት፣ ፓርቶግራፉ ላይ እጽፋለሁ። መሃል ላይ ኮሪደሩ ውስጥ ትሄዳለች፣ ሻይ በስኳር ትጎነጫለች። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ደግሜ አየኋት፣ 8 ሴንቲ። በ4 ሰዓት 3 ሴንቲ ብቻ። እናቷ ፊታቸው ጠቆረ። ድሮ ስንማር በሰዓት 1 ሴንቲ ካልተከፈተ ዘግይታለች ይባል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ይሄ መለኪያ ለሁሉም ሴት እንደማይሠራ ተናግሯል። ለመጀመሪያ ልጅ ከ5 ሴንቲ እስከ ሙሉው 10 ድረስ እስከ 12 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ልጁ ደህና፣ እናት ደህና፣ ምጡ እየጠነከረ ከሆነ አንቸኩልም። ይሄንኑ ለሦስቱም ነገርኳቸው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሰዓት ነው ከባዱ፣ ላንቺም ብዬ የምጽፈው በዋናነት እሱን ነው። 8 ሴንቲ ካለፈ በኋላ ሴቷ ትለወጣለች። እግሯ ይንቀጠቀጣል፣ ታስመልሳለች፣ ሲሞቃት ጋቢውን ትጥላለች፣ ሲበርዳት ታለቅሳለች። ለአራት ሰዓት ጎበዝ የነበረችው ልጅ «አልችልም፣ ወደ ቤቴ ውሰዱኝ፣ ቀዳችሁ አውጡት» አለች። እናቷን ሰደበች። ለአዋላጅ ይሄ ምልክት ነው፣ እየተቃረበች ነው ማለት ነው። ጆሮዋ ላይ ጠጋ ብዬ «አልችልም ያልሽበት ሰዓት ላይ ደርሰሻል፣ ሁሉም ይሉታል፣ ከዚህ በኋላ ያለው አጭሩ ነው» አልኳት። ረጅም ነገር አልነገርኳትም። በዚያ ሰዓት ብዙ ቃል አይገባም።

9 ሰዓት ከ40 ላይ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። «ሲስተር፣ ሽንት ቤት ውሰጂኝ። አሁኑኑ። መጣብኝ።»

ይሄን ዓረፍተ ነገር በየሌሊቱ እሰማዋለሁ። የልጁ ራስ ወርዶ ትልቁን አንጀት ሲጫነው ስሜቱ ሰገራ እንደመጣበት ሰው ነው። ሴቶች በጣም ያፍራሉ። የሚያሳፍር ነገር የለውም። ብቻ ሳትነግሪን ተነስተሽ አትሂጂ። እናቷ ወዲያው «በይ ግፊ ልጄ! ግፊ!» አሉ። እኔ ደግሞ «ቆይ እናቴ፣ ልይ» አልኩ። 9 ሴንቲ ነበር። ከፊት በኩል የማህፀኑ በር እንደ ከንፈር ቀርቷል፣ ከልጁ ራስና ከአጥንቱ መሃል ተይዟል።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ ቦታውን ልተወው፣ እንዲህ ያለች ልጅ መጣባት ስትል ሳልፈትሽ «ግፊ» አልኳት። አንድ ሰዓት ገፋች። በሩ ሙሉ ስላልተከፈተ በግፊቱ አበጠ፣ ካበጠ በኋላ ጭራሽ መከፈት እምቢ አለ። እሷም ደከመች። መጨረሻዋ ኦፕራሲዮን ሆነ። እናትም ልጅም ተርፈዋል። ግን ያንን እብጠት ጣቴ አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ማንም «ግፊ» ቢል መጀመሪያ ጓንት አደርጋለሁ።

ታዲያ ሰውነት ግፊ እያለ አልገፋም ማለት ይቻላል? ሙሉ በሙሉ አይቻልም። ማስነጠስን እንደመያዝ ነው። ማቅለል ግን ይቻላል። በግራ ጎኗ አስተኛኋት፣ በጉልበቶቿ መሃል የተጠቀለለ ጋቢ አደረግን። «አሁን አጥሚቱን ተዪው። ሻማ ነው የምታጠፊው። እፍ፣ እፍ፣ እፍ።» አጭር አጭር፣ ደረት ላይ የሚቀር። ሰው አየር አምቆ ካልያዘ አጥብቆ መግፋት አይችልም፣ ሚስጥሩ ይሄ ነው። ፊቴን ፊቷ ፊት ለፊት አድርጌ አብሬያት እፍ እላለሁ። ዓይኗ ከዓይኔ ሲነቀል ትገፋለች፣ ሲመለስ ትይዘዋለች።

ሆዷን ስዳስስ ከእምብርቷ በታች ለስላሳ ጉብታ አገኘሁ። ሽንት ነው። ከእኩለ ሌሊት ወዲህ አልሸናችም፣ እኔም ማስታወስ ነበረብኝ። በየሁለት ሰዓቱ ማስሸናት ደንብ ነው። የሞላ ፊኛ የልጁን ራስ መንገድ ይዘጋል። አልጋው ላይ ፖፖ ሰጠናት፣ የውሃ ቧንቧ ከፈትኩላት፣ ወጣላት። ልጅቷ ሽንት ቤት ያለችው ግማሹ እውነት ነበር ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ልቤን የመታው ነገር መጣ። አንዱ ምጥ እንዳለቀ የልጁን ልብ ስሰማ 104። ድምፄን አልለወጥኩም። «ትንሽ ዘወር በይልኝ» ብዬ ይበልጥ ወደ ግራ አዞርኳት። ተከታታይ ሦስት ምጥ ላይ ጆሮዬን ሳላነሳ ሰማሁ። 118፣ 130፣ 134። ወጥቷል። ወርዶ ቢቀር፣ ወይም የእንሽርት ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ቢመጣ ኖሮ የሻማው ጨዋታ እዚያው ያበቃ ነበር። ሐኪሙ ይጠራል፣ ምናልባትም ኦፕራሲዮን ክፍል ይኬዳል። ልጅቷን ማረጋጋት የልጁን ልብ አይተካም። ውሃው ሲፈስ ግን ጥርት ያለ ነበር።

10 ሰዓት ተኩል ላይ ደግሜ አየሁ፣ ከንፈሩ የለም። «ሙሉ ነሽ። አሁን ሰውነትሽ ሲልሽ ግፊ።» ፊቷን ብታዪው! ለአንድ ሰዓት ያህል እምቢ የተባለችውን ነገር ተፈቀደላት። በጀርባዋ ልትተኛ አልፈለገችም። እናቷ አልጋው ላይ ወጥተው ከኋላ ደገፏት፣ እሷ ቁጭ እንዳለች ጉልበቶቿን ያዘች። እኔ በየ5 ደቂቃው የልጁን ልብ እሰማለሁ። ትንፋሽ አምቃችሁ እስከ አስር ግፉ አልልም። ሲመጣባት በራሷ አጭር አጭር ገፋች፣ በአንዱ ምጥ ሦስት አራት ጊዜ። ፀጉሩ ይታያል፣ ይመለሳል። ደግሞ ይታያል፣ ይመለሳል። ይሄ መመለስ ሴቶችን ተስፋ ያስቆርጣል። «በእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ይቀድማል፣ አትቁጠሪው» አልኳት። እጇን ወስጄ ራሱን አስነካኋት። «ርጥብ ነው» አለችና ሳቀች። በምጥ መሃል።

ራሱ ሲያልፍ ያቃጥላል። አልዋሽሽም፣ እሳት ነው። በሞቀ ውሃ የተነከረ ንጹህ ጨርቅ ከታች ያዝኩላት። «ሲያቃጥልሽ ግፊቱን ተዪው። ሻማውን አጥፊ።» ያንን ሻማ አንድ ሰዓት ስለተለማመደችው እዚህ ላይ ሳላስረዳ ገባት። እፍ፣ እፍ፣ እፍ። ራሱ በዝግታ ወጣ፣ ቆዳው እንዲለጠጥ ጊዜ አገኘ። እትብቱ አንገቱ ላይ አንድ ዙር ነበር፣ ላላ ያለ። በጣቴ በራሱ ላይ አሳልፌ አወጣሁት። ይሄ ቶሎ ቶሎ ያጋጥማል፣ አብዛኛውን ጊዜም እንዲሁ ነው የሚያልቀው። በቀጣዩ ምጥ ትከሻው፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ሸርተት ብሎ መጣ።

11 ሰዓት ከ25። ሴት። ደረቷ ላይ አደረግኳት፣ በፎጣ ጀርባዋን ሳሽት አለቀሰች። ሁለተኛ ልጅ ሆድ ውስጥ እንደሌለ በእጄ አረጋገጥኩና ታፋዋ ላይ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ወጋኋት። ደም እንዳይበዛ ነው። እትብቱን ወዲያው አልቆረጥኩም። መምታቱን እስኪያቆም ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠበቅን፣ ያ ደም የልጅቷ ነው። የእንግዴ ልጁ በ8 ደቂቃ ወጣ፣ ሙሉ መሆኑን ገልብጬ አየሁ። ከታች ትንሽ ተሰንጥቃለች። አደንዝዤ ሁለት ቦታ ሰፋሁላት። እሷ የሕፃኗን ጣት ስትቆጥር አላስተዋለችኝም።

ሰው ሁሉ አለቀ ብሎ ሲያስብ እኛ ዘንድ አላለቀም። ብዙ እናቶች ደም የሚፈሳቸው ከወለዱ በኋላ ባለው ሰዓት ነው። ለሁለት ሰዓት በየ15 ደቂቃው ሆዷን እጫናለሁ። ማህፀኑ እምብርት አካባቢ እንደ ትርንጎ ጠንካራ ሆኖ መዳሰስ አለበት። ከላላ አሻለሁ፣ ሽንቷን አያለሁ፣ ጨርቋን አያለሁ። ያማል፣ ያናድዳል፣ «ተዪኝ በቃ» ይላሉ። አልተዋቸውም። አንቺም ዝም ብለው ከተዉሽ አንቺው ጠይቂ። ሕፃኗ ሰዓት ሳይሞላት ጡት ያዘች።

ባሏ እልልታውን ሰምቶ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። እናቷ ከፌስታሉ የገንፎ ዱቄት አወጡና «ድስት የት ነው?» ይሉኛል፣ ቤታቸው ያሉ ይመስል። ልጅቷ ወደኔ ዞረች። ድምፅ የላትም፣ ሰልሏል።

«ሲስተር፣ በጣም ጮህኩ እንዴ?»

እናቷ ቀደሙኝ። «የሱብሒ አዛን መች እንዳለፈ አልሰማሁትም እኮ!»

እኔም አልሰማሁትም ነበር።